ስበላ ይተወኛል፣ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ላለፉት አራት ወራት ከደረቴ አጥንት በታች፣ ከእምብርቴ በላይ ያለው ቦታ ያቃጥለኛል። የሚገርመው ስበላ ይተወኛል። ራት ማታ 1 ሰዓት ላይ በልቼ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምረኛል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ተነስቼ ዳቦ በወተት እበላና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሼ እተኛለሁ። ባለቤቴ «ምግብ የሚያድነው በሽታ የለም፣ ወይ ርቦሽ ነው ወይ ጭንቀት ነው» ይለኛል። ኦሜፕራዞል ገዝቼ ሁለት ሳምንት ስወስድ እፎይ ብዬ ነበር፣ ሳቆም ተመለሰ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ባክቴሪያ ነው» አለችኝ። ባክቴሪያ ከሆነ ስበላ ሊብስብኝ አይገባም ነበር? ሐኪም ቤት ሄጄ ይህን ብናገር የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ልጆቼንስ እያስያዝኳቸው ይሆን?
— ሌሊት የምትነሳው

እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለሽ «ስበላ ይተወኛል፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል» ካልሽ፣ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው በግማሽ ሰዓት የማይነግረውን ነገርሽው ማለት ነው። ባለቤትሽም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ምግብ በሽታውን አያድንም፣ አንቺንም አላዳነሽም። ለሁለት ሦስት ሰዓት ሸፈነልሽ እንጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የት ነው የሚያምሽ?» ብልሽ በመዳፍሽ ሆድሽን በሙሉ ትዳብሺያለሽ ወይስ በአንድ ጣት እዚህ ጋ ትያለሽ? በአንድ ጣት የምትጠቁሚ ከሆነ፣ በተለይ ጣትሽ ከደረት አጥንትሽ ዝቅ ብሎ መሃል ላይ ወይም ትንሽ ወደ ቀኝ ካረፈ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የወጣ ቁስለትን ነው። ሰዉ ሁሉንም «ጨጓራ» ብሎ ይጠራዋል፣ ቁስለቱ ግን ብዙ ጊዜ ጨጓራው ላይ አይደለም። ጨጓራ አልቆ አንጀት በሚጀምርበት፣ ከበሩ ወጣ እንዳልሽ ባሉት ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ ነው። ጣት ብቻውን ምርመራ አይሆንም፣ ከየት እንደምንጀምር ግን ይጠቁማል።

ባልደረባሽ ያለችው ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል፣ ብዙ ሰው «ኤች ፓይሎሪ» ይለዋል። አንቺን ግራ ያጋባሽ ነገር እዚህ ጋ ነው። ባክቴሪያው እንደ ትል ሆድሽን የሚነክስ፣ ምግብ ሲያገኝ የሚበረታ አድርገሽ ነው ያሰብሽው። ለዚህም ነው «ስበላ ሊብስብኝ አይገባም ነበር?» ያልሽኝ። ግን የሚያቃጥልሽ ባክቴሪያው አይደለም። የሚያቃጥልሽ የራስሽ የጨጓራ አሲድ ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። አሲዱ ከልክ በላይ እንዲመነጭ ያደርጋል፣ አሲዱ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ያቆስላል። ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ይገባሻል።

በመጀመሪያ በዚያ አሲድ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ልንገርሽ። ዩሪያ የሚባል ነገር በሰውነታችን ሁሉ አለ፣ ጨጓራ ውስጥም ይገኛል። ይህ ባክቴሪያ ዩሪያውን የሚሰብር ኢንዛይም በብዛት ያመርታል። ዩሪያ ሲሰበር አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ አሲድን ያበርዳል። ስለዚህ ባክቴሪያው በዙሪያው አሲድ የማይነካው ትንሽ ደመና ሠርቶ፣ የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነውን ዝልግልግ ነገር እየሰረሰረ ከሥሩ ይገባል። እዚያ ዓመታትን ያስቆጥራል። ብዙዎች በልጅነታቸው ይዟቸው ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ባክቴሪያው የጨጓራን የታችኛውን ክፍል፣ ወደ አንጀት መውጫው ያለውን፣ ያስቆጣዋል። ይህ ቦታ አሲድ ምን ያህል ይመንጭ የሚለው የሚወሰንበት ነው። በደህና ጊዜ ምግብ ሲገባ ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን ይወጣና «አሲድ አምርት» ይላል። አሲዱ ሲበቃ ደግሞ ሌላ ሆርሞን፣ ሶማቶስታቲን፣ ፍሬን ይይዛል። ባክቴሪያው ያስቆጣው ቦታ ላይ ይህ ፍሬን ይላላል። ጋዙ ይረገጣል፣ ፍሬኑ በደንብ አይዝም። በልተሽ ጨርሰሽ፣ ምግቡ ወደ አንጀት ወርዶ እንኳ አሲዱ መመንጨቱን አያቆምም።

ያ ትርፍ አሲድ የት ይሄዳል? በበሩ በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ጨጓራ ለአሲድ የተሠራ ነው፣ የአንጀት ግድግዳ ግን ይህን ያህል አሲድ በየቀኑ አይችልም። ስለዚህ ራሱን ለመከላከል በቦታ በቦታ የጨጓራ ዓይነት ገጽ ያበቅላል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው የሚወደው የጨጓራ ዓይነት ገጽን ስለሆነ ተከትሎ ወርዶ እዚያም ይሰፍራል። አሁን ያ ቦታ ከላይ አሲድ ይወርድበታል፣ ከውስጥ ደግሞ ቁጣ አለበት። በመጨረሻ ይቆስላል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ፣ ሲታይ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ ትንሽ ጉድጓድ ነው። ይህቺን ታህል ነገር ናት ሰውን ከአልጋ የምታስነሳው።

እንግዲህ ያንቺን አንድ ሌሊት አብረን እንከተል።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ራት በላሽ። ምግቡ፣ በተለይ በውስጡ ያለው ፕሮቲን፣ አሲዱን እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል። የጨጓራው በር ደግሞ ጠጣሩ ምግብ እስኪላም ጠበብ ብሎ ይቆያል፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ወደ ታች የሚወርደውን ለማብረድም ቆሽትና አንጀቱ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ የሚገድል ፈሳሽ ያፈሳሉ። ቁስሉ ለጥቂት ሰዓት ጥላ አገኘ ማለት ነው። ለዚህ ነው የተሻለሽ።

4 ሰዓት ሲሆን ምግቡ በአብዛኛው ወርዷል። ስፖንጁ ሄደ፣ የላላው ፍሬን ግን አሁንም አሲዱን አላቆመውም። የሚያበርደው ነገር ያጣው አሲድ ቁስሉ ላይ መውረድ ጀመረ፣ አንቺም ያን ማቃጠል ሰማሽ። እንደምንም ተኛሽ። ከዚያ ሌላ ነገር ይመጣል። የጨጓራ አሲድ የራሱ ሰዓት አለው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ላይ እንኳ ከማታ ጀምሮ እኩለ ሌሊትን አልፎ ባሉት ሰዓታት ከፍ ይላል። ተኝተሽ ደግሞ ምራቅ እምብዛም አትውጪም፣ ምራቅም አሲድ ያበርዳል። 8 ሰዓት ላይ ባዶ ሆድ፣ ከፍ ያለ አሲድና የተከፈተ ቁስል ተገናኙ። ዳቦና ወተት ስታገኚ እንደገና ስፖንጅ ገባ። ሩብ ሰዓት ያልሽው ለዚህ ነው፣ ምግቡ አሲዱን ይዞ እስኪያበርደው ነው። ጠዋት ስትነሺ ብዙም ካላመመሽ አትገረሚ። የዚህ ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው።

ወተቱን በተመለከተ ግን ላስጠንቅቅሽ። መጀመሪያ ያበርዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ በኋላ ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሱታል። ድሮ ለቁስለት ታማሚ በየሰዓቱ ወተት ይታዘዝ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ዛሬ ሌሊት ጠጣሽ ብዬ አልቆጣሽም፣ እንደ ሕክምና ግን አትቁጠሪው።

ኦሜፕራዞሉም ከዚሁ ታሪክ ጋር ይሄዳል። ኦሜፕራዞል አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ይዘጋል። አሲዱ ሲቀንስ ማቃጠሉ ይጠፋል፣ ቁስሉም መሻር ይጀምራል። ባክቴሪያው ግን ከነቤተሰቡ እዚያው አለ። ስታቆሚ ፍሬኑ አሁንም የላላ ስለሆነ አሲዱ ይመለሳል፣ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። አሲድ ብቻ እየቀነሱ የቆዩ ሰዎች ላይ፣ ባክቴሪያው ካልጠፋ፣ ከግማሽ በላዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለስባቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ልክ እንደ ባለቤትሽ «ጭንቀት ነው» ይሉ ነበር። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ከሮቢን ዋረን ጋር ሆኖ ባክቴሪያ ነው ሲል ብዙዎች አላመኑትም። በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጨጓራ ቁጣ ያዘው። ሁለቱ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባለቤትሽ ይህን ስትነግሪው አያፍርም፣ የዓለም ሐኪሞች ራሳቸው ለዓመታት ሲሉት የኖሩትን ነው የተናገረው።

አሁን ደግሞ በሐቀኝነት ልንገርሽ። ይህ ሁሉ በጣም ይገጥማል እንጂ አላረጋገጥንም። ስበላ ይሻለኛል የሚል ሰው ሁሉ ቁስለት የለበትም። አንዳንዱ ምርመራ ሲደረግለት ምንም ቁስል አይገኝበትም፣ ሕመሙ ግን ያንቺን ይመስላል። ቁስሉ ራሱ ጨጓራው ላይ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ሰው ሲበላ ይብስበታል፣ በዚያ ላይ ሁሉም በመጽሐፍ እንደተጻፈው አያመውም። ለራስ ምታት፣ ለወገብ ወይም ለወር አበባ ሕመም ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ትወስጃለሽ ወይ? ይህን በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፣ በጣም ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። እነዚህ መድኃኒቶች ያለምንም ባክቴሪያ ቁስለት ያመጣሉ፣ ከባክቴሪያው ጋር ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ እስከዚያው በፓራሲታሞል ተኪው።

ምርመራው ላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስላለ እሱን ላስረዳሽ። ለዕድሜሽ፣ ሌላ አደገኛ ምልክት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው። የሰገራው የባክቴሪያውን ቁራጭ ይፈልጋል። የትንፋሹ ደግሞ ያንኑ ዩሪያ የሚሰብር ኢንዛይም ነው የሚጠቀመው። ልዩ ምልክት ያለው ዩሪያ ትጠጫለሽ፣ ባክቴሪያው ካለ ይሰብረዋል፣ የተሰበረው በትንፋሽሽ ይወጣል። ሐኪሙ ኢንዶስኮፒ ከመረጠም ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ዩሪያ ያለበት ቢጫ ጄል ውስጥ ይከታል፣ ባክቴሪያው ካለ በአሞኒያው ምክንያት ጄሉ ወደ ሮዝ ይቀየራል። የደም ምርመራ ግን አትመኚበት። ደም ውስጥ የሚታየው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን አንድ ጊዜ እንደተዋወቀው ነው፣ አሁን አለ ወይስ ከዓመታት በፊት ነበር የሚለውን አይለይም።

ወጥመዱ ኦሜፕራዞል ነው። አሲድ ሲቀንስ ባክቴሪያው ቁጥሩ ያንሳል፣ ይደበቃል፣ ምርመራው «የለም» ይላል፣ አንቺም ነጻ ነኝ ብለሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክንና ቢስመዝ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበትን የሆድ መድኃኒት ደግሞ አራት ሳምንት ያህል ማቆም ያስፈልጋል። መቼ እንዳቆምሽ አልጻፍሽልኝም። ሁለት ሳምንት ካለፈሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ካላለፈሽ ቀኑን ቁጠሪ፣ በመሃል ሌሊት ካስቸገረሽ አሲድ የሚያበርድ ተራ ሽሮፕ ወይም የሚታኘክ ክኒን መጠቀም ትችያለሽ። እሱ ምርመራውን ያን ያህል አያበላሽም፣ ቢስመዝ የሌለበት መሆኑን ብቻ አረጋግጪ።

ባክቴሪያው ከተገኘ ሕክምናው ከባድ አይደለም፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። አንድ አሲድ ቀናሽ ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይታዘዛል፣ ለምሳሌ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ወይም ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል። የትኛው እንደሚሻል ባክቴሪያው በአካባቢው የትኛውን እንደለመደና አንቺ ከዚህ በፊት ምን እንደወሰድሽ አይቶ ሐኪሙ ይወስናል። ፔኒሲሊን የማይስማማሽ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። አፍሽ ብረት ብረት ሊልሽ ይችላል፣ ሆድሽ ሊላላ ይችላል፣ ቢስመዝ ከወሰድሽ ሰገራሽና ምላስሽ ይጠቁራል፣ ከመድኃኒቱ ነው። ሰው የሚወድቀው አምስተኛ ወይም ስድስተኛው ቀን ላይ ነው። ማቃጠሉ ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ያስጠላል፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ይተወዋል። የተረፈው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። እባክሽ እስከ 14ኛው ቀን ጨርሺው።

ከጨረስሽ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይተሽ በሰገራ ወይም በትንፋሽ እንደገና ተመርመሪ። ኦሜፕራዞሉን አሁንም ከሁለት ሳምንት በፊት አቁመሽ። ይህን ሁለተኛ ምርመራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሕመም ስለሌለ ባክቴሪያውም የለም ይላል። ሕመም አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ያን ሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል ስትወስጂም አላመመሽም ነበር።

ልጆችሽን በሚመለከት ራስሽን አትክሰሺ። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ በአፍና በሰገራ በኩል ይተላለፋል። ያንቺም የመጣው እንዲህ ሊሆን ይችላል። እጅ መታጠብ፣ አኝከሽ አለማጉረስ፣ ማንኪያ አለመጋራት ይበቃል። ምንም ያልተሰማው ልጅ ስለ እናቱ ብቻ ተብሎ ምርመራና አንቲባዮቲክ አይሰጠውም። ሆዱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰው ወይም ኪሎ ያልጨመረ ልጅ ካለሽ ግን ለብቻው ውሰጂው።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ቢስመዝ ወይም የብረት ክኒን ሳትወስጂ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጥቁርና ተጣባቂ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰሽ፣ ወይም ድንገት እንደ ጩቤ የወጋሽ ሕመም መጥቶ ሆድሽ እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ ሌሊትም ቢሆን ባለቤትሽን ቀስቅሺና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሳትፈልጊ ኪሎ መቀነስ፣ መዋጥ መቸገር፣ የደም ማነስ ወይም በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር ካለ ደግሞ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ንገሪ፣ ያኔ በቀጥታ ኢንዶስኮፒ ነው የሚታዘዘው።

ባለቤትሽን አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው። ሊከራከርሽ የፈለገ አይመስለኝም፣ ሌሊት ሌሊት ስትነሺ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ይመስለኛል። እስከ ቀጠሮው ድረስ ራት የበላሽበትን፣ ሕመሙ የጀመረበትንና የነቃሽበትን ሰዓት በስልክሽ ላይ ያዢ። አራት አምስት ሌሊት ይበቃል። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፣ የትኛው ምርመራ እንደተሠራልሽና ኦሜፕራዞሉን ካቆምሽ ስንት ቀን ሆኖሽ እንደነበረ ጨምረሽ።